የልጅቷ የመጀመሪያ ወርቅ፦ የጆሮው ይያዝ፣ የአንገቱ ይልቀቅ

ጥያቄ፦ «ሰላም ላንቺ። ሴት ልጅ ወልጄ ሁለት ወር አልፏታል፣ በ80 ቀኗ ክርስትና ልናስነሳት ነው። አማቴ ከፒያሳ 18 ካራት ወርቅ ገዝተውላታል፣ የሚንጠለጠል ሎቲ፣ መስቀል ያለው ሀብል እና አምባር። የባሌ እህት ደሞ ከዱባይ ሻኩራ ያለው አልቦ ልካለች። እኔ ራሴ አርቲፊሻል ሳደርግ ጆሮዬ ይቆስላል፣ ልጄም እንደኔ እንዳትሆን እፈራለሁ፣ ከዛ በላይ ደሞ ወደ አፏ ከታው ትን እንዳይላት። እምቢ ብል አማቴ ይቀየሙኛል፣ እሺ ብል እንቅልፍ አይወስደኝም። የትኛውን ላድርግላት?»

መልስ፦

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ! ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ካሉት ሁሉ አምባሩን አድርጊላት፣ እሱንም ከታች የምነግርሽን ካየሽለት በኋላ። ሎቲው ለአሁኑ አይሆንም፣ ጆሮዋን መበሳትም ትንሽ ይቆይ። ሀብሉ ለፎቶ ብቻ፣ እቅፍሽ ውስጥ እያለች ብቻ፣ ከዛ ወዲያው ይውለቅ። አልቦውን ጭራሽ አታድርጊላት። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እነግርሻለሁ፣ ወርቅ ቤት ውስጥ ብዙ ስለሠራሁ ከባንኮኒው ጀርባ የማየውንም ጨምሬ።

መጀመሪያ ስለ ትንታው። አሁን ልጅሽ እጇን በደንብ አታዝም ግን ከወር ከሁለት ወር በኋላ ያገኘችውን ሁሉ ይዛ ወደ አፏ መውሰድ ትጀምራለች፣ ይሄ ነገር እስከ 3 ዓመት ድረስ አይለቅም። አሜሪካ ውስጥ የልጅ መጫወቻ ሲመረመር የሚጠቀሙበት ትንሽ ሲሊንደር አለ፣ ስፋቱ 31.7 ሚሊሜትር ነው፣ ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጉሮሮ ተመስሎ የተሠራ፣ እዛ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የገባ ነገር ለዛ ዕድሜ አይሸጥም። አንቺ ሲሊንደሩን መፈለግ አይጠበቅብሽም፣ ያለቀ ሶፍት መሃሉ ላይ የምትቀረውን ካርቶን ያዢ፣ እሷ ትንሽ ሰፋ ስለምትል እንደውም የበለጠ ጥንቃቄ ናት። በካርቶኗ ውስጥ ያለፈ ነገር ሁሉ ለልጅሽ አደጋ ነው ብለሽ ያዢው። አሁን ስጦታዎቹን ሞክሪያቸው፣ ሎቲው ያልፋል፣ መስቀሉ ያልፋል፣ የአልቦው ሻኩራማ አንዷን ብቻ ሳይሆን ሦስት አራቱን አንድ ላይ ብትከቻቸውም ያልፋሉ። አምባሩ ግን ሙሉ ክብ ስለሆነ ወይ አያልፍም ወይ ጠርዙ ላይ ይቀራል፣ ካለፈ እሱም ይቀመጥ።

ግን ሙሉው ዕቃ አለማለፉ ብቻ አይበቃም፣ ምን ምን ሊለቅ እንደሚችልም ማየት አለብሽ። አምባሩ ላይ የተንጠለጠለ ነገር አለ? ድንጋይ አለው? ድንጋይ ካለው በምን ነው የተያዘው፣ በትናንሽ ጥፍሮች ከሆነ ጥፍሮቹ ልብስና ነጠላ እየሳቡ ይከፈቱና ድንጋዩ አንድ ቀን ሳታውቂው ይወድቃል፣ ዙሪያውን በወርቅ ታቅፎ ከሆነ ይሻላል፣ ለዚህ ዕድሜ ግን ጭራሽ ድንጋይ የሌለው ነው ጥሩው። የሚንጠለጠለውን ነገር የምትይዘዋን ትንሽ ቀለበትም አጥብቀሽ እያት፣ ብዙ ጊዜ በፒንሳ ተጨምቃ ብቻ ነው የምትዘጋው፣ መጋጠሚያዋ ላይ ጥፍርሽን ስታስገቢ ክፍተት ከተሰማሽ ያልተበየደች ናት። አንጥረኛው በወርቅ ብየዳ ይዝጋልሽ፣ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከዛ ሁሉን በእጅሽ ጎትቺ ጠምዝዢ፣ «ወርቅ ነው ይበላሻል» ብለሽ አትሳሺለት፣ በአንቺ ጣት የሚለቅ ከሆነ ልጅቷም አንድ ቀን ታስለቅቀዋለች።

አምባሩ መቆለፊያ ካለው፣ ማለትም በማጠፊያ የሚከፈትና በትንሽ ምላስ ጠቅ ብሎ የሚዘጋ ከሆነ፣ የዚህ ዓይነቱ የልጅ ሥጋ ይቆነጥጣል። የሕፃን እጅ አንጓ ላይ ሥጋው ይደራረባል አይደል፣ መቆለፊያው ሲዘጋ ያን ይይዘዋል፣ አንቺ ደግሞ ለምን እንደጮኸች አይገባሽም። የሚሻለው ሙሉ ክብ ሆኖ በእጅ የሚገባው ወይም ጫፎቹ የማይገናኙት ክፍት አምባር ነው። ክፍቱ ጥሩነቱ ልጅቷ ስታድግ ሰፋ ማድረግ መቻሉ ነው፣ ግን ቤት ውስጥ አንዴ ከፈት አንዴ ጠበብ አታድርጊው፣ ወርቅም ሆነ ብር በቀዝቃዛው ደጋግመሽ ባጠፍሽው ቁጥር እየደረቀ ይሄድና መሃሉ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል፣ ስንጥቁ ቆዳ ይቆርጣል። አንጥረኛ ጋ ውሰጂው፣ እሱ በእሳት አለስልሶ ነው የሚያሰፋው። ጫፎቹ ድብልብል ያሉ መሆን አለባቸው፣ ሹል ከሆኑ ይሞረዱ። ቀለል ብሎ ትልቅ የሚመስል አምባር ከሆነ ደሞ ውስጡ ባዶ መሆኑን ጠይቂ፣ ባዶው ጥርስ ስታወጣ ስትነክሰው ይጎደጉዳል፣ ከተቀደደ ጠርዙ እንደ ቆርቆሮ ነው።

ልኩ እንዲህ ነው፣ አድርገሽላት ትንሿ ጣትሽ በአምባሩና በእጇ መሃል በቀላሉ መግባት አለባት፣ ግን አምባሩ በራሱ ተንሸራቶ ከመዳፏ አልፎ መውጣት የለበትም። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ቶሎ ቶሎ ነው የሚወፍረው፣ ስለዚህ ዛሬ ጣትሽ ገባች ማለት ከወር በኋላ ትገባለች ማለት አይደለም። ስታጥቢያት ሁሌ አውልቀሽ ቆዳዋን እዪ። ቀላ ያለ መስመር ኖሮ ደቂቃዎች ውስጥ ከጠፋ ችግር የለም፣ ካልጠፋ ወይም ጎድጎድ ያለ ምልክት ካለ ጠቧል። ሳሙና ቀብተሽ እንኳን ለማውለቅ የምትታገዪ ከሆነ ደሞ አልፎበታል፣ ያን ቀን ይውለቅና እስኪሰፋ አይመለስ። ቀለበት በዚሁ ምክንያት በጭራሽ አታድርጊላት፣ ጣት ሲያብጥ ቀለበት ማውለቅ ለትልቅ ሰው እንኳን መከራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ሰው ብዙ የሚሳሳትበት ቦታ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አደርገዋለሁ። ወርቅ ቤት የሚመጣ ወላጅ ሁሉ «መቆለፊያው ጠንካራ ይሁን» ይላል። ለጆሮ ልክ ነው፣ የጆሮ ጌጥ ከለቀቀ ትንሽ ዕቃ አልጋዋ ላይ ተገኘ ማለት ነው። ለአንገት ግን ተቃራኒው ነው! አንገት ላይ ያለ ነገር የአልጋ እንጨት ላይ፣ የመኪና ወንበር ላይ፣ በር እጀታ ላይ ሲያዝ የግድ መለቀቅ አለበት፣ ካልለቀቀ ልጅን ያንቃል፣ ለዚህ ደሞ ብዙ ጉልበት አይፈልግም፣ የራሷ የሰውነት ክብደት ይበቃል። ሀብሉ ላይ ያለው መቆለፊያ ምናልባት የሎብስተር ጥፍር የሚመስለው ወይ ክብ ሆኖ ስፕሪንግ ያለው ነው፣ ሁለቱም የተሠሩት እንዳይለቁ ነው። በ2018 መጨረሻ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለወላጆች ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፣ ጥርስ ለሚያበቅሉ ልጆች በሚደረግ ሀብልና አምባር ላይ፣ የ18 ወር ልጅ ቀን ተኝቶ እያለ አንገቱ ላይ በነበረ አምበር ከሚባል የደረቀ የዛፍ ሙጫ የተሠራ ሀብል ታንቆ ሞቷል፣ የ7 ወር ሕፃን ደሞ ወላጆቹ እያዩት ከአምባር ላይ የወጣ የእንጨት ዶቃ ትን ብሎታል። ሁለተኛውን ልብ በዪው፣ እያዩት ነው። «እኔ አጠገቧ ነኝ» ብቻውን አይበቃም።

«እሺ ሲጎተት የሚለቅ መቆለፊያ ላስደርግበት?» ትዪኝ ይሆናል። አዎ፣ እንደዛ ያለ አለ፣ ትንሽ ከበድ ያለ ጉተታ ሲመጣ ጠቅ ብሎ የሚከፈት፣ ከ3 ዓመት በላይ ላለች ልጅ የምመርጠውም እሱን ነው። ለትንሿ ግን ችግሩን ቦታ ነው የሚያስለውጠው፣ ሀብሉ ከአንገቷ ይለቃል፣ ከዛ መስቀሉ እጇ ላይ፣ ከእጇ አፏ ውስጥ። ማግኔት ያለውን መቆለፊያ ደሞ ጭራሽ እንዳታስቢው፣ ሲጎተት ስለሚለቅ ጥሩ ይመስላል ግን ሁለት ማግኔት የዋጠች ልጅ አንጀቷ ውስጥ በተለያየ ቦታ ሆነው እርስ በርስ ይሳሳቡና መሃል ላይ ያለውን የአንጀት ግድግዳ ይበሱታል። ጆሮ ሳይበሳ የሚለጠፉ የማግኔት ጉትቻዎችም እንደዛው ናቸው።

ማተቧን አስቤዋለሁ፣ ክርስትና ስትነሳ ይታሰርላታል፣ እሱን አታድርጊ አልልሽም። ግን ክሩ ቀጭን ጥጥ ይሁን፣ ጠበቅ አድርገሽ ስትጎትቺው የሚበጠስ፣ ናይሎን ወይም ወፍራም የተገመደ አይሁን። በጣም ረጅም ሆኖ አይንጠልጠል፣ ያን የወርቅ መስቀል ማተቡ ላይ ላንጠልጥል የሚል ሰው ከመጣም እምቢ በዪ። ስትተኛስ ምን ላድርግ ካልሽ ማውለቁ ነው የሚሻለው፣ ማውለቅ ከከበደሽ የንስሐ አባትሽን ፊት ለፊት ጠይቂያቸው፣ ምክንያቱን ስትነግሪያቸው መፍትሔ አያጡልሽም።

ጆሮዋ። የሕፃን ጆሮ መብሳት ኃጢአት ነው የሚል ሰው አይደለሁም፣ የእናቶቻችን ልማድ ነው። ግን 80 ቀን ላይ ለምን እንደምከለክልሽ ልንገርሽ። መንጋጋ ቆልፍን የሚከላከለው ክትባት ፔንታ ውስጥ ነው ያለው፣ እሱ ደግሞ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው የሚሰጠው፣ 80 ቀን ማለት 11 ሳምንት ተኩል ገደማ ነው፣ ሦስተኛውን ገና አልወሰደችም። የ14 ሳምንቱን ትከተብና ትንሽ ቀናት ቆይተሽ አስበሺያት፣ ቤት ውስጥ በመርፌና በክር ሳይሆን ታሽጎ የመጣ አዲስ መርፌ በሚጠቀም ጤና ባለሙያ። ክሩ ፈሳሹን እየመጠጠ ቁስሉ ላይ ይደርቃል፣ ብዙ መግል ያየሁት ከዛ ነው። አንቺ ዓመት ሁለት ዓመት ልቆይ ካልሽ ደሞ ምንም አይቀርባትም።

ስትበሺያት አማትሽ የገዙት ሎቲ አይሆንም፣ የሚንጠለጠል ነገር በጣቷ ይያዛል፣ በሹራብ ይያዛል፣ ጆሮ ይሰነጥቃል። የሚሆነው ጆሮ ላይ ልጥፍ የሚል፣ ፊቱ ለስላሳ፣ ከኋላው በቡሎን የሚጠብቅ ነው፣ ስክሪው ባክ የሚሉት። ተገፍቶ ብቻ የሚገባው መያዣ ሁለት ጉዳት አለው፣ አንዱ በቀላሉ መውለቁ፣ ሌላው ደሞ ስትተኛ ራሷ እየገፋችው እየጠበቀ መሄዱ። በቡሎኑም ቢሆን አጥብቀሽ እስከ መጨረሻ አትዝጊው፣ ከጆሮዋ ኋላ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ክፍተት ይኑር፣ ጆሮ ከተበሳ በኋላ ያብጣል፣ ልጅቷም ታድጋለች። ቡሎኑ ስትነካካው እየላላ ስለሚሄድ ማታ ማታ እጅሽን ታጥበሽ ነካ አድርጊው። የጌጡ ፊት ወደ ሥጋው መስመጥ ከጀመረ ወይም የኋላው መያዣ በደንብ ካልታየሽ አንድ ቀን አትጠብቂ፣ ሥጋ ከዋጠው በኋላ ሐኪም ነው የሚያወጣው። ቁስሉ እስኪድን ቢያንስ 6 ሳምንት የመጀመሪያውን ጌጥ አትቀይሪ።

አንቺን የሚያቆስልሽ ብዙ ጊዜ ኒኬል ነው፣ አርቲፊሻል የሚባለው ነገር ውስጥ ሞልቷል፣ ከላይ ወርቅ ቢቀባም ከስር ኒኬል ነው፣ ቅቡ ሲላጥ ይወጣል። በነገራችን ላይ አለርጂው እንደ ዓይን ቀለም ካንቺ ወደ እሷ የሚተላለፍ አይደለም፣ ብረቱ ቆዳን እየነካ፣ በላብ እየሟሟ፣ ሰውነት አንድ ቀን «ይሄን አልፈልግም» ብሎ የሚለምደው ነገር ነው፣ ከለመደው ደሞ ዕድሜ ልክ አይለቅም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው የጆሮ ጌጥ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው፣ ክፍት ቁስል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። አውሮፓ ኅብረትም ሕግ ሲያወጣ የተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ለሚገባው ዕቃ ቆዳ ላይ ከሚያርፈው በጣም ያነሰ ኒኬል ነው የፈቀደው፣ በሳምንት በካሬ ሴንቲሜትር 0.2 ማይክሮግራም፣ ለሌላው 0.5።

18 ካራት ማለት 75 በመቶው ወርቅ ነው፣ ወሳኙ ቀሪው 25 በመቶ ምን እንደሆነ ነው። ቢጫ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ብርና መዳብ ነው፣ ችግር የለውም። ነጭ ወርቅ ከሆነ ግን በኒኬል ሊነጣ ይችላል፣ በፓላዲየም የነጣም አለ፣ ሻጩን «በምንድነው ያነጣችሁት» ብለሽ ጠይቂ፣ ካላወቀ አትግዢ። ሌላው የሚረሳው ነገር፣ የጆሮ ጌጡ ፊት ወርቅ ሆኖ ዘንጉ ወይም የኋላ መያዣው ሌላ ብረት ሊሆን ይችላል፣ «ሙሉው ነው ወይ፣ ዘንጉም ቡሎኑም?» በዪ። ለጆሮዋ ሌላ አማራጭ ቲታኒየም ነው፣ ለሰውነት መትከያ የሚሆነው ደረጃ፣ እሱ የኒኬል ስጋት የለበትም። ጀርመን ሲልቨር የሚሉት ነገር ካጋጠመሽ ግን ተመለሺ፣ ብር የሚባል የለበትም፣ መዳብ ዚንክና ኒኬል ነው። «ማግኔት ካልሳበው ኒኬል የለውም» የሚለውንም አትመኚ፣ ከመዳብ ጋር የተቀላቀለ ኒኬልን ማግኔት አይስበውም። ጥፍር ቀለም ቀብቶ ማድረግም ቀናት ነው የሚቆየው፣ ለሕፃን ደሞ ልጣጩም አፍ ውስጥ ይገባል። መሞከሪያ ጠብታ አለ፣ ኒኬል ላይ ሲታሽ ጥጡ ሮዝ ይሆናል፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለሽ አስመጪ፣ ርካሽ ነው።

አንዴ ካደረግሽላት በኋላ እንዴት ታውቂያለሽ? ኒኬል ወዲያው አያሳክክም፣ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው፣ ይቀላል፣ ይሻክራል፣ ውሃ ያቀራል፣ ብረቱ በነካበት ቅርፅ ልክ። ጌጡን አውልቀሽ እየተሻለ ከመጣ እሱ ነው። ትኩስ ሆኖ ካበጠ፣ መግል ካለ ወይም ትኩሳት ካላት ግን ኢንፌክሽን ነው፣ ሐኪም ጋ ሂጂ።

አልቦው ላይ ብዙ አልቆይም። ሻኩራዎቹ ትንሽ ናቸው፣ ውስጣቸው ሌላ ትንሽ ኳስ አለች፣ የተያዙት በሽቦ ነው፣ ምን ብረት እንደሆነም አናውቅም። የልጅ እግር ደሞ ወደ አፏ ይደርሳል፣ 5ና 6 ወር ላይ ታዪዋለሽ። ለማስታወሻ አስቀምጪው።

አይበለውና አንድ ነገር አፏ ውስጥ ገብቶ ትን ቢላት፣ እየሳለችና እያለቀሰች ከሆነ ትሳል፣ ጣትሽን ሰደሽ አትፈልጊ፣ ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ። ድምፅ ካጣች ክንድሽ ላይ በደረቷ አስተኚያት፣ ጭንቅላቷ ዝቅ ብሎ፣ በትከሻዎቿ መሃል 5 ጊዜ በመዳፍሽ ምቺ፣ ካልወጣ ገልብጠሽ ደረቷ መሃል ላይ በአንድ እጅሽ የመዳፍ ሥር 5 ጊዜ ተጫኚ፣ እያፈራረቅሽ፣ ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። ይሄ ከ1 ዓመት በታች ላለች ነው። ዋጠችው ብለሽ ከጠረጠርሽ አታስመልሺያት፣ ሆስፒታል ውሰጂያት፣ ብረት በራጅ ይታያል።

አማትሽን በተመለከተ፣ «አይሆንም» ብለሽ አትጀምሪ። ሎቲውንና ሀብሉን ይዛችሁ አብራችሁ ወደገዙበት ወርቅ ቤት ሂዱ፣ ሎቲውን ይመዝኑትና በቡሎን በሚጠብቅ ትንሽ ጌጥ ይቀይሩላችሁ፣ የሥራ ዋጋና ልዩነት ቢኖር ነው፣ ምርጫውንም ለእሳቸው ተዪ። ወርቁ አይጠፋም፣ የልጅቷም ነው። ክርስትናው ቀን አምባሩን እሳቸው ራሳቸው ያድርጉላት፣ ሀብሉንም ለፎቶ እሳቸው ይያዙት፣ ፎቶው ሲያልቅ ደግሞ ደረሰኙን አያይዘሽ አስቀምጪው፣ በኋላ መቆለፊያውን ስታስቀይሪ ያስፈልግሻል።